የክርስትና መዝገብ ቀኖች በቋሚ ልዩነት አይለወጡም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«በምሥራቅ ጎጃም ደብሮች ያሉትን የክርስትና መዝገቦች ወደ ሠንጠረዥ ስንገለብጥ ቀኖቹን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ማምጣት ቀላል ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው 7፣ ከጥር ጀምሮ ላለው 8 ዓመት ይደመራል፤ የቀኑ ልዩነት በየወሩ ቋሚ ስለሆነ አንድ ጊዜ አውጥቶ መጠቀም ይቻላል። ፕሮግራሞች 13ኛ ወር ስለማይቀበሉ ጳጉሜን ወደ መስከረም 1 ይጠጋጋ። የወንጌላዊው ዘመን፣ የሳምንቱ ቀንና የበዓል ስም ቦታ ከመያዝ በቀር ለቀን አይጠቅሙምና አይገልበጡ። ቀኑ በእዝባር፣ በአንድ ዓምድ ይጻፍ፤ ወር ብቻ ከተጻፈ 1 ይሞላበት። ልወጣው ሲያልቅ የኢትዮጵያው ዓምድ ይሰረዝ፤ በአንድ ሠንጠረዥ ሁለት ቀን አደናጋሪ ነው።»

መዝገቦቹ ምስጥና እርጥበት ሳይጨርሳቸው ይገልበጡ፣ ሁሉም ቀን አንድ መልክ ይኑረው በሚለው ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። የምቃወመው የመረጡትን መንገድ ነው። እኔም በጎጃም የደብር መዝገቦችን በመገልበጥ ሥራ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ መንገድ የተሠሩ ሠንጠረዦች ላይ ልጆች ከመወለዳቸው በፊት ክርስትና ተነሥተው አይቻለሁ። መዝገቡ ላይ የነበረው ቀን ትክክል ነበር፤ ያበላሸው ልወጣው ነው።

ስለ ዓመቱና ስለ ቀኑ ልዩነት

የዓመቱ ድንበር ጥር 1 አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 የሚውለው ታኅሣሥ 23 ቀን ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 22 ቀን። ስለዚህ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 30 ያሉት ቀኖች በጸሐፊው ደንብ አንድ ሙሉ ዓመት ወደ ኋላ ይወድቃሉ። ገና የሚውለው በእነዚህ ቀኖች ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉ። ኅዳር 19 ቀን 1947 ዓ.ም. የተወለደ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ክርስትና ተነሣ እንበል። ትክክለኛው ልወጣ ልደቱን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 1954፣ ክርስትናውን ጃንዋሪ 7 ቀን 1955 ያደርጋል። በ7 ዓመት ድምር ግን ክርስትናው ጃንዋሪ 7 ቀን 1954 ይሆናል፤ ልጁ ሊወለድ አሥር ወር ከምናምን ሲቀረው ማለት ነው።

የቀኑም ልዩነት ቋሚ አይደለም። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ተከታዩ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ፋንታ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ይህ የአንድ ቀን መገፋት እስከ የካቲት 21 ይዘልቃል፤ በዚያ ቀን አውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ 29 ብለው የራሳቸውን ትርፍ ቀን ሲጨምሩ ሁለቱ አቆጣጠሮች እንደ ወትሮው ይገጣጠማሉ። ከአራት ዓመት በአንዱ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት አጋማሽ አልፎ ያለው ረድፍ ሁሉ በቋሚው ልዩነት አንድ ቀን ይሳሳታል። አንድ ቀን ትንሽ የሚመስለው ቀኑን ከሌላ ነገር ጋር እስኪያስተያዩት ድረስ ነው።

በዕድሜ የገፉ የብራና ማስታወሻዎችን ለሚገለብጥ ሰው ደግሞ ሌላ ድንበር አለ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለዋል፤ እኛ ግን በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ጳጉሜን 6 ሳናጓድል ቀጥለናል። በመሆኑም ከየካቲት 22 ቀን 1892 ዓ.ም. በፊት ያለው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል። ይህን ለመፈተሽ ከዓድዋ ድል የተሻለ ቀን የለም። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ የካቲት 23 ሲከበር ግን ማርች 2 ላይ ይውላል። የዛሬውን ልዩነት ወደ ኋላ የሚወስድ ሠንጠረዥ ጦርነቱን በማግስቱ ያደርገዋል።

መፍትሔው ልዩነት መደመር ሳይሆን ቀን መቁጠር ነው። ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይገቡና፣ የተመን ሉሁ ከሚያውቀው የመነሻ ቀን ወዲህ ስንት ቀን እንዳለፈ ይሰላል። ዓመቱ በB፣ ወሩ ከ1 እስከ 13 ባለው ቁጥር በC፣ ቀኑ በD ቢሆን ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=365*(B2-1)+INT(B2/4)+30*(C2-1)+D2-690799
```

የመጀመሪያው ክፍል ያለፉትን ዓመታት በ365 ያባዛል፤ `INT(B2/4)` ያለፉትን ጳጉሜን 6ዎች ይጨምራል፤ ቀጥሎ ያለፉት ወሮች እያንዳንዳቸው በ30 ይቆጠራሉ። የመጨረሻው ቁጥር የእኛን መነሻ ከተመን ሉሁ መነሻ ጋር የሚያገናኝ ነው። ውጤቱ ተራ ቁጥር ስለሆነ ሕዋሱን `YYYY-MM-DD` በሚለው የቀን መልክ ማስተካከል ያስፈልጋል። ወደ ሥራ ከመግባትዎ በፊት 2000፣ 1፣ 1 አስገብተው ይሞክሩ። 39337 ወይም 2007-09-12 ካመጣ፣ ሁላችንም የምናስታውሰው የሚሌኒየሙ ዕንቁጣጣሽ ነውና ቀመሩ በትክክል ተጽፏል።

አንድ ገደብ አለው። ኤክሴል ከ1900 በፊት ያለን ቀን እንደ ቀን አያሳይም፤ በዚያ ዓመት ያልነበረችውን ፌብሩዋሪ 29 ስለሚቆጥርም በሱ ላይ የሚታመነው ከማርች 1 ቀን 1900 ወዲህ ያለው ነው። ሊብሬኦፊስ ካልክ ግን ከዜሮ በታች ያለውንም ቁጥር ይቀበላል። የዓድዋን ቀን ቢያስገቡ -1399 ያወጣና 1896-03-01 ብሎ ያሳያል።

ስለ ጳጉሜን

ከላይ ያለው ቀመር ጳጉሜንን ያለ ምንም ችግር ይቀበላል፤ በC ዓምድ 13 ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። 13ኛ ወር የማይቀበለው የፕሮግራሙ የቀን ሕዋስ ነው፤ ተራ ቁጥር የሚይዝ ሕዋስ ግን ምንም አይለውም። ጳጉሜን 6 ቀን 1951 ዓ.ም. በቀመሩ 1959-09-11 ይሆናል። ወደ መስከረም 1 ከተጠጋጋ ግን የተወለደበት ቀን ብቻ ሳይሆን የተወለደበት ዓመትም ከ1951 ወደ 1952 ይለወጣል። ጳጉሜን 1 የተወለደ ልጅ ከሆነ ደግሞ ስድስት ቀን ሙሉ ይጠፋበታል።

ማጠጋጋቱ የሚያስቆጨኝ በሌላም ምክንያት ነው። ጳጉሜን 6 ራሷ መፈተሻ ናት። ዓመቱን ለ4 ሲያካፍሉት 3 ካልተረፈ ጳጉሜን 6 በዚያ ዓመት የለችም። በሠንጠረዡ ላይ «ጳጉሜን 6 ቀን 1952» የሚል ረድፍ ካለ፣ ወይ ቀኑ ወይ ዓመቱ ተሳስቶ ተነብቧልና ወደ መዝገቡ ፎቶግራፍ መመለስ ግድ ነው። ቀመሩ ይህን በራሱ አይናገርም፤ ቀኑን ዝም ብሎ ወደ መስከረም 1 ያሻግረዋል። መስከረም 1 ብለን ካጠጋጋነው ደግሞ የስሕተቱ ምልክት ለዘለዓለም ይጠፋል።

ስለ ወንጌላዊው፣ ስለ ሳምንቱ ቀንና ስለ በዓሉ

ከጽሑፉ ሁሉ ጉዳቱ የከፋው ምክር ይህ ነው። የደብር ጸሐፊዎች «ዘመነ ሉቃስ» ብለው የጻፉት ለማሳመር አይደለም። ዓመቱን ለ4 ሲያካፍሉት 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የሚያካፍሉት ዓመተ ዓለሙን ነው፤ ዓመተ ዓለም ከዓመተ ምሕረት የሚበልጥባቸው 5500 ዓመታት ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈሉ በዓመተ ምሕረቱም ቢያካፍሉት ውጤቱ አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ረድፍ ዓመቱንና ወንጌላዊውን አብሮ ከያዘ ዓመቱ ሁለት ጊዜ በሁለት መንገድ ተጽፏል ማለት ነው።

ይህ የሚጠቅመው የግእዝ ቁጥር በሚነበብበት ጊዜ ነው። በእጅ ጽሑፍ ፮ እና ፯ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ቀለሙ በደበዘዘ ገጽ ላይማ ልዩነታቸው አንዲት ጭረት ናት። እንዲህ ያለ ረድፍ እንውሰድ፦ ሴት ልጅ፣ ልደት ኅዳር ፳፮፣ ክርስትና የካቲት፣ «በኪዳነ ምሕረት፣ ረቡዕ»፣ ዓመቱ ፲፱፻፵፮ ወይም ፲፱፻፵፯፣ ዘመነ ሉቃስ። በጸሐፊው መንገድ ገልባጩ አንዱን ይገምትና ያልፋል። በሌላው መንገድ እንየው።

1946 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። 1947 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ ነው። መዝገቡ ሉቃስ ስለሚል ዓመቱ 1947 ነው። የኪዳነ ምሕረት ቀን በየወሩ 16 ነውና ክርስትናው የካቲት 16 ይሆናል። ይህን በቀመሩ ስናስገባ 20143 ይወጣል፤ 1955-02-23። አሁን የሳምንቱን ቀን እንጠይቅ። ቁጥሩን ለ7 ሲያካፍሉት 0 ቢተርፍ ቅዳሜ፣ 1 ቢተርፍ እሑድ እያለ ይቀጥላል፤ 20143 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ረቡዕ ነው። በ1946 ቢሆን ኖሮ የካቲት 16 የሚውለው ማክሰኞ ነበር። በመጨረሻም የልደቱ ቀን፦ ኅዳር 26 ቀን 1947 በቀመሩ 20063 ነው፤ በሁለቱ መካከል 80 ቀን አለ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነውና የቀኑም ንባብ ጸና። ወንጌላዊው፣ ሳምንቱ፣ በዓሉና ሰማንያው ተስማሙ። አይገልበጡ የተባሉት ነገሮች ናቸው ረድፉን ከግምት ያወጡት።

የ40ና የ80 ቀኑ ፈተና በተለይ ዘመን መለወጫን በሚሻገሩ ረድፎች ላይ ዋጋው ይታያል። ነሐሴ 17 ቀን 1951 የተወለደ ወንድ «በብዙኃን ማርያም» ክርስትና ቢነሣ፣ ቀኑ መስከረም 21 ቀን 1952 ነው። ቀመሩ ለልደቱ 1959-08-23፣ ለክርስትናው 1959-10-02 ይሰጣል፤ መካከላቸው ልክ 40 ቀን ነው። በቋሚው ልዩነት ግን መስከረም 21 ኦክቶበር 1 ተብሎ 39 ይመጣል፤ ጳጉሜን 6 ተዘላለችና።

እርግጥ አንዳንድ ደብር የልደቱን ቀን ጨምሮ ስለሚቆጥር በዚያ መዝገብ ውስጥ 39 ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ታምሞ አስቀድሞ የሚጠመቅበት፣ ቤተሰብ ርቆ የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ይህ ፈተና ማረሚያ ሳይሆን ጠቋሚ ነው። በአንድ መዝገብ ውስጥ አብዛኛው ረድፍ 40 እያለ ጥቂቶች 39፣ 10 ወይም 405 ካሉ፣ ፎቶግራፉ እንደገና የሚታየው ለእነዚያ ነው። ወንጌላዊውም እንዲሁ ነው። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት የደብሩ ጸሐፊ በልማድ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ሲጽፍ ወንጌላዊውን ግን አዲሱን ይጽፋል፤ አንዳንዴም ተቃራኒውን። ሁለቱ ሲጣሉ የቱ እንደሚረታ የሚወስነው በፊቱና በኋላው ያለው ረድፍ ነው፤ መዝገቡ በቅደም ተከተል የሚጻፍ ነውና።

የበዓል ስምን ወደ ቀን ለመለወጥ የወር በዓላት ዝርዝር በጎን ማዘጋጀት በቂ ነው፦ ልደታ 1፣ አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ ተክለ ሃይማኖት 24፣ መድኃኔ ዓለም 27። ሁለት ነገሮች ግን በዝርዝር አይገዙም። አንደኛው ገና ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል፣ በ1952 «በገና ቀን» የሚል ረድፍ ታኅሣሥ 28 ተብሎ መግባት አለበት፤ ያኔ 1960-01-07 ይሆናል። ሁለተኛው ተንቀሳቃሾቹ በዓላት ናቸው። ሆሳዕና በ1952 ሚያዝያ 2፣ በ1953 ደግሞ መጋቢት 24 ነበር። «በሆሳዕና» የሚለውን ረድፍ የዓመቱ ባሕረ ሐሳብ ሳይወጣ የሚሞላ ሰው ቀኑን እየፈጠረ ነው። በጎጃም ይህን ስሌት በቃሉ የሚያወጣ መርጌታ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በዚያው መዝገቡ ባለበት ደብር አሉ። ኮምፒውተር የያዘው ወጣት እሳቸው ዘንድ ቁጭ ብሎ የዓመታቱን የትንሣኤ ቀን በአንድ ገጽ ቢያስጽፍ ሥራው ሁሉ ይቀልለታል።

ስለ እዝባሩና ስለ ተሞላው 1

በእዝባር የተጻፈ የኢትዮጵያ ቀንን የተመን ሉህ የራሱ አድርጎ ይወስደዋል። ቀን አስቀድሞ በሚጽፍ አሠራር በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ `16/6/1947` ብለው የካቲት 16ን ቢጽፉ፣ ፕሮግራሙ ጁን 16 ነው ብሎ ሳይጠይቅ ይመዘግባል። `30/2/1947` ግን፣ ጥቅምት 30 ማለት ነው፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይቀራል። ወር አስቀድሞ በሚጽፈው አሠራር ደግሞ የጳጉሜን 5ቱ `5/13/1950` ሜይ 13 ይሆናል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ወደ ቀኝ፣ ከፊሉ ወደ ግራ ተጠግቶ ካዩ ይህ መከሰቱን ይወቁ፤ በቀኝ ያሉት ፕሮግራሙ የለወጣቸው ናቸው። ሦስቱን ዓምዶች የመረጥኩት በዚህም ምክንያት ነው። የወሩን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጥ ዝርዝር ሲሠራ ኅዳር፣ ሕዳርና ህዳር፤ ታኅሣሥና ታህሳስ፤ ጳጉሜንና ጳጉሜ ሁሉም ይግቡበት፤ ካልሆነ ረድፎች ያለ ወር ይቀራሉ።

ወር ብቻ ላለው ረድፍ የቀኑን ሕዋስ ባዶ ይተዉት፤ የአውሮፓውን ቀንም አያውጡለት። 1 ከተሞላ ከአንድ ዓመት በኋላ በልደታ የተወለደውንና ቀኑ ያልታወቀውን የሚለይ ሰው አይኖርም። ከጎኑ «ጽኑ»፣ «በማመሳከር የተገኘ»፣ «ያልተለየ» የሚል አንድ አጭር ዓምድ ይጨመር። ከላይ ያየነው የ1947 ረድፍ «በማመሳከር የተገኘ» የሚባለው ነው።

ዓምዱን ስለ መሰረዝ

አንድ መልክ ማለት አንድ ዓምድ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ዓምድ መዝገቡ ላይ እንዳለ፣ በግእዝ ቁጥሩና በበዓሉ ስም፣ ሳይነካ ይቀመጥ። ቀጥሎ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ ከዚያ በቀመር የወጣው የአውሮፓው ቀን። ራስጌው ላይ የአቆጣጠሩ ስም ይጻፍ፤ `1947-06-16` የሚለው መልክ በዓለም አቀፉ ደንብ የአውሮፓን አቆጣጠር ብቻ ስለሚያመለክት፣ ያለ ስም ከተተወ የሚያየው ሁሉ ጁን 1947 ብሎ ያነበዋል። ለልደት ምስክር ወረቀት ወደ ደብሩ የሚመጡት ሰዎች የሚያውቁት የኢትዮጵያውን ቀን ነው፤ ፍለጋውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጸሐፊው ለናሙና ያቀረቡት ሠንጠረዥ የአውሮፓው ቀን ብቻ ስለቀረው ዛሬ በእሱ ላይ ሆኖ ማረም አይቻልም፤ ሴፕቴምበር 11 የሚለው ከጳጉሜን የተጠጋጋ ይሁን ከመስከረም 1 የመጣ መለየት የሚችል የለም። የመዝገቡ ፎቶግራፎች በእጃቸው ካሉ፣ እንደገና መታየት ያለባቸው ከሁሉ አስቀድሞ የታኅሣሥ መጨረሻዎቹ ሳምንት፣ ቀጥሎ የመስከረም 1ዎቹ፣ ከዚያ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ያሉት የዘመነ ዮሐንስ ረድፎች ናቸው።